በቆቦና በራያ ቆላ በበልግ ስለሚዘራው ላም አተርና ስለሚታጨድበት ቀን

በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላ ዘርቶ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ጠላት ያውቃል፤ ስሙም አቀንጭራ ነው። በክረምት ማሽላው ለምልሞ ሳለ ቅጠሉ ሳይታሰብ ይጠወልጋል፤ ያየውም ሰው ዝናብ ያነሰው ይመስለዋል። ጥቂት ቀን ሲቆይ ግን ከአገዳው ሥር ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ብቅ ትላለች። ገበሬው አበባዋን ባየ ቀን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ አቀንጭራ ወደ ብርሃን ከመውጣቷ በፊት ብዙ ሳምንት በመሬት ውስጥ የማሽላውን ሥር ይዛ ስትመጥጠው ቆይታለችና። ከዚያ በኋላ መንቀል የሚጠቅመው ለዘንድሮው እህል ሳይሆን ለሚመጣው ዓመት ነው። አንዲቱ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ታፈስሳለች፤ ይህም ዘር በመሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት፣ ለቀበሌ አስተዳዳሪዎች፣ እንዲሁም መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ለሚሰጡ ባለ መሬቶች ነው። የምናገረውም ስለ አንድ አዝመራና ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይኸውም በበልግ መሬት ለመሸፈን ስለሚዘራ ላም አተርና እርሱ ስለሚታጨድበት ቀን ነው። ስለ ዘሩ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ማጨጃው ቀን ግን የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ ግን ከአዝመራው የሚገኘው ጥቅም ከግማሽ የሚበልጠው በዚያ ቀን ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አምናለሁ።

አስቀድሞ ላም አተር ከአቀንጭራ ጋር ምን እንዳገናኘው ማስረዳት ያሻል። የአቀንጭራ ዘር በራሱ ጊዜ አይበቅልም። በመጀመሪያ ሞቆና ርሶ ሁለት ሳምንት ያህል በመሬት ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ ከአንድ ሕያው ሥር የሚወጣ ረቂቅ ፈሳሽ ካልነካው እንደ ተኛ ይቀራል። ማሽላ ይህን ፈሳሽ ያወጣል፤ ይልቁንም መሬቱ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያጣ እንደ ሆነ አብዝቶ ያወጣዋል። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ የምትበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የላም አተር ሥርም እንዲሁ ዘሩን የሚቀሰቅስ ፈሳሽ አለው፤ ነገር ግን ማሽላን የምታጠቃው አቀንጭራ በላም አተር ሥር ላይ ልትጣበቅ አትችልም። ስለዚህ የተታለለችው ዘር ትበቅልና የምትመጥጠው ሥር አጥታ በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞታለች።

ሁለተኛው ሥራው ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ ነው። በላም አተር ሥር ላይ እንደ ዶቃ ያሉ ዕባጮች ይታያሉ፤ በውስጣቸውም በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ተክሉ ታጭዶ ወደ መሬት በተመለሰ ጊዜ ይህ ሀብት ለሚቀጥለው ማሽላ ወይም ጤፍ ይደርሰዋል። የጠገበ ማሽላ ደግሞ ያን የአቀንጭራ መቀስቀሻ አሳንሶ ያወጣል። እንግዲህ አንዱ አዝመራ ጠላትን በሁለት በር ይከለክላል፤ በበልግ ዘሯን ያጠፋል፤ በክረምትም መጥሪያዋን ይቀንሳል። ሆኖም በአንድ በልግ ከመሬቱ ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ አያልቅም፤ የሚጠፋው ከፊሉ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ዘርቶ «አቀንጭራው አልጠፋም» ብሎ የተወ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ አቁሞታል።

ለምን ላም አተር ተመረጠ፣ ሌላስ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ሽምብራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ክረምቱ ሲያልፍ፣ በመስከረም በተረፈው የጥቁር መሬት እርጥበት ላይ ነው፤ የበልግን ሙቀት አይወድም። በሥሩ የሚኖሩት ነፍሳትም የተለዩ ስለ ሆኑ ባልተዘራበት መሬት ላይ አይገኙለት ይሆናል፤ ላም አተር ግን በአፍሪቃ ቆላ መሬት ብዙ ጊዜ ወዳጆቹን ሳይዘሩለት ያገኛል። ማሾ ፈጥኖ ያብባል፤ ዝናቡ በዘገየ ዓመት የሚዘራም እርሱ ነው፤ ቅጠሉ ግን አነስተኛ ነው፤ ደግሞም ፍሬው በገበያ ስለሚወደድ ከማበቡ በፊትም ሆነ በኋላ እጨደው ቢሉት የሚሰማ ገበሬ የለም። ላብላብ ከሁሉ የበለጠ ቅጠል ይሰጣል፤ ለከብትም መኖ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይጠጣል፤ ለማበብም ይዘገያል። ስለዚህ ላብላብን በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ ለሚያጠጡ መተው ይሻላል። በምዕራብ ኬንያ ዴስሞዲየም የተባለውን ተክል በበቆሎ መካከል ዘርተው አቀንጭራን አሸንፈዋል፤ ይህ ግን ለብዙ ዓመት የሚቆም ተክል ስለ ሆነ ከመኸር በኋላ ከብት በሚለቀቅበት አገር ማን ይጠብቀዋል?

ስፍራውም ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ደጋሊት ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የሚዘራ ሰው መሬቱን ከበልግ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ለማሽላው ሰጥቷል፤ በበልግ የሚሸፍነው ባዶ መሬት የለውም። ለእርሱ ያለው መንገድ ላም አተሩን በማሽላው ረድፍ መካከል መዝራት ነው፤ ያም ለራሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምለው ማሳቸው እስከ ሐምሌ ባዶ ለሚቆይ፣ በክረምትም ጤፍ ወይም ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ለሚዘሩ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የጎቡ፣ የሆርማት ወይም የጎሊና ጎርፍ በጠለፋ የሚደርሳቸው ይቀድማሉ፤ ምክንያቱም በበልግ አንድ ጊዜ የገባ መልካም ጎርፍ ለላም አተር የወር ስንቅ ነው። ጎርፍ የማይደርሰው አሸዋማ መሬት በዝናብ ብቻ ቢታመን ሦስቱ ዓመት ቢሳካ ሁለቱ አይሳካም ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ጥማድ፣ ይኸውም የሄክታር ሩብ መሬት ያለው ሰው እንውሰድ። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መግቢያ ጎርፉ ገብቶ መሬቱ እንደ ረጋ አንድ ጊዜ ያርስና 15 ኪሎ ያህል ላም አተር ይበትናል፤ መልሶም ቀለል ባለ እርሻ ይሸፍነዋል። ለፍሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘር በዛ ይባል ነበር፤ ነገር ግን የምንሻው ቅጠሉ ፈጥኖ ተገናኝቶ መሬቱን እንዲያጨልመው ነው። በአንድ ወር ከ10 ቀን ውስጥ መሬቱ ከላይ ሲያዩት የማይታይ ከሆነ መልካም ነው፤ በመካከሉ ባዶ ስፍራ ከታየ ግን በዚያ አረም ይገባል። ይልቁንም ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም በአራት ሳምንት ማበብ ስለሚጀምር በአራተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ማሳውን ዞሮ መንቀል ያስፈልጋል። ቆዳን ስለሚያሳክክም በእጅ ላይ ጨርቅ ወይም ጓንት አድርጎ ነው።

መጋቢት 3 ቀን የተዘራ ላም አተር እንደ ዘሩ ዓይነት ከ45 እስከ 60 ቀን ውስጥ፣ ማለት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መግቢያ ያብባል። ማጨጃው ቀን ይህ ነው። ከማሳው ውስጥ ከአሥሩ ተክል ሁለቱ ወይም ሦስቱ አበባ ካሳዩ ማጭድ ይነሣ። ይህን ስል ብዙ ሰው እንደሚያዝንብኝ አውቃለሁ፤ ያበበ እህል ማጨድ እንደ ኃጢአት ይቈጠራልና። ነገር ግን ምክንያቱን እንመልከት።

ተክሉ እስኪያብብ ድረስ የያዘው ናይትሮጅን በቅጠሉና በለጋ ግንዱ ውስጥ ነው። ፍሬ መቋጠር እንደ ጀመረ ናይትሮጅኑን ከቅጠሉ አንሥቶ ወደ ፍሬው ይወስደዋል፤ በሥሩ ያሉት ዕባጮችም ሥራቸውን እየተዉ ይሄዳሉ። ግንዱም ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን የጠነከረ ገለባ ወደ መሬት ብንመልሰው በመሬት ውስጥ ያሉት ነፍሳት እርሱን ለማበስበስ ሲሉ ከመሬቱ ያለውን ናይትሮጅን ራሳቸው ይወስዱታል፤ አዲስ የበቀለው ማሽላም ይራባል። አንድ ጊዜ በጎሊና ግርጌ ከአንድ ማሳ ዳር ቆሜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ ማሳው ላም አተሩን ፍሬው እስኪደርስ አቆይቶ፣ ፍሬውን ለቅሞ፣ ገለባውን አርሶ ማሽላ ዘርቶበት ነበር። ማሽላው በሦስተኛው ሳምንት ከጎረቤቱ ይልቅ ቢጫ ሆነ። ሰውየውም «ላም አተር መሬት ያደክማል» አለኝ፤ በዚያ ቀን ልመልስለት አልቻልሁም፤ የፈረደው ግን በተክሉ ላይ ሳይሆን በቀኑ ላይ መሆን ነበረበት።

ነገሩን በሚዛን ብንመዝነው የበለጠ ይገለጣል። ከማሳው መካከል ደህና በሚመስል ስፍራ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክቶ ያለውን ሁሉ ማጨድና መመዘን ይቻላል፤ ሦስት ስፍራ ቢደረግ ይሻላል። መልካም በልግ በሆነበት ዓመት አንድ ኪሎ ተኩል እርጥብ ወጣ እንበል። በአንዱ ጥማድ ላይ ይህ 3750 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ አምስተኛው እጅ ያህል፣ ማለት 750 ኪሎው ደረቅ ነው፤ ከደረቁም ውስጥ በአበባ ጊዜ ከመቶ ሦስት ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ 22 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ከዚህ በመጀመሪያው ክረምት ለእህሉ የሚደርሰው በግምት ግማሹ ነው፤ ይህም 11 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በዩሪያ ቢተመን 24 ኪሎ ያህል ማዳበሪያ ማለት ነው። በልጉ የደከመ ሆኖ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢወጣ ግን የሚገኘው 8 ኪሎ ዩሪያ ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ሳልሸሽግ መናገር የሚገባኝ ነገር አለ፤ ይህ ናይትሮጅን ሁሉ ከአየር የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ ከዚያው መሬት የተወሰደ ሆኖ የሚመለስ ነው። ቢሆንም በግንቦት ፀሐይና በመጀመሪያው ጎርፍ ከሚባክን ይልቅ በቅጠል ተይዞ መቆየቱ ትርፍ ነው።

ፍሬው ቢለቀም ሒሳቡ ይገለበጣል። ከአንድ ጥማድ ሁለት ኩንታል ፍሬ ቢገኝ ከ7 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከፍሬው ጋር ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ገለባውንም ከብት ከበላው ለመሬቱ የሚቀረው ሥሩ ብቻ ነው። ፍሬ መሻት ነውር አይደለም፤ ድሃ ቤት በሰኔ ሽሮ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ያ ሰው እህል ዘርቶ እህል ወሰደ ይባል እንጂ መሬቱን አዳበረ አይባል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። በቆቦ በበልግና በክረምት መካከል ያለው ግንቦትና ሰኔ ሞቃትና ደረቅ ነው። አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ላም አተር በእነዚህ ሳምንታት ከመሬቱ ያለውን የመጨረሻ እርጥበት ይጠጣዋል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ የዘገየ እንደ ሆነ አዲሱ ዘር ባዶ ጓዳ ያገኛል። ስለዚህ በልጉ ዘግይቶ ላም አተሩ በሚያዝያ ከተዘራ አበባውን አንጠብቅ፤ ቀኑ ከአበባው ይቀድማል። ፈጥኖ ለሚደርስ ማሽላ እስከ ሰኔ 10፣ በሐምሌ አጋማሽ ለሚዘራ ጤፍ ደግሞ እስከ ሰኔ 20 መታጨድ አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት መሬቱ ማረፍ ይገባዋልና።

በሚታጨድበት ቀን አንድ ተክል በአካፋ ከነሥሩ ይነሣና ዕባጩ በጥፍር ይሰንጠቅ። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ ከሆነ ሠርቷል፤ ነጭ ከሆነ ግን ከአየር የወሰደው የለም፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራውን ጨርሶ ጊዜው አልፎበታል። ነጭ ሆኖ ከተገኘ በሚመጣው ዓመት ዘሩን ለእርሱ በተዘጋጀ የነፍሳት ማዳበሪያ አሽቶ መዝራት ይቻላል።

ማጨዱም አንድ ችግር አለው። ላም አተር ሐረግ ስለሚጥል እንዳለ ቢያርሱት በማረሻው ላይ ይጠመጠማል፤ በሬዎቹንም ያደክማል። በማጭድ ከመሬት ጋር አስጠግቶ ማጨድ፣ ረዥሙን በሁለት በሦስት መቆራረጥ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማጠውለግ፣ ከዚያም ማረስ ይገባል። በፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ከቆየ ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ወደ አየር ይመለሳል። የአገራችን ማረሻ መሬቱን የማይገለብጥ ስለ ሆነ ከፊሉ ላይ ይቀራል፤ እርሱም መሬቱን ከፀሐይ ይጋርደዋልና ጉዳት የለውም። በክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ የተቀበረው ፈጥኖ ይበሰብሳል። ጤፍ የሚዘራ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ላም አተሩ መልካም ሆኖ ሳለ የለመደውን ዩሪያ ሁሉ ቢጨምርበት ጤፉ በነሐሴ ይለመልምና በመስከረም ይጋደማል። በሒሳቡ ያገኘውን 24 ኪሎ ከማዳበሪያው ይቀንስ። ማሽላ የሚዘራ ደግሞ አቀንጭራን የሚቋቋሙትን፣ እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉትን ዘሮች ቢመርጥ ላም አተሩ የጀመረውን ይጨርሱለታል። እነዚህን ዘሮች በመፍጠር ሥራ የታወቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት የገበሬው ሥራ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን የክቡራን አንባቢዎች ነው። በሚያዝያ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ አንድ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ቢሆን የመንደሩ ከብት ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻውን ዘርቶ ሌሊት ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ላም አተር በየቦታው ተበታትኖ እንዲዘራ ከማዘዝ ይልቅ በአንድ የጎርፍ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎች ተያይዘው እንዲዘሩ፣ ለዚያም ዘመን ልቅ ግጦሽ በዚያ ቦይ ላይ እንዲከለከል ከውሃ አባቶች ጋር መስማማት ይሻላል። ደግሞም የአቀንጭራ ዘር በጎርፍ ስለሚጓዝ ከላይ ያለው ጎረቤት ካላጠፋ ከታች ያለው በከንቱ ይደክማል፤ በቦይ መሥራት ለዚህም ይረዳል።

ሁለተኛው ነገር የእኩል ውል ነው። በእኩል የሚያርስ ሰው ውሉ ለአንድ ክረምት ብቻ ሆኖ ሳለ በበልግ ዘር ገዝቶ፣ ደክሞ፣ ያበበውን አጭዶ ለማን ይቀብረዋል? በሐምሌ ሌላ አራሽ ቢገባ ድካሙ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ባለ መሬቱ የላም አተሩን ዘር ራሱ ያውጣ፤ ያጨደውም ሰው በክረምቱና በሚመጣው ዓመት ያንኑ መሬት እንዲያርስ በሽማግሌ ፊት ቃል ይስጥ። አንዳንድ ባለ መሬቶች ይህን ከባድ አድርገው ያዩታል፤ ለእነርሱ የምመልሰው በአንድ ጥማድ ላይ የሚወጣው ዘር 15 ኪሎ ብቻ መሆኑን ነው።

በሦስተኛ፣ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ይህን ያህል ሄክታር ተሸፈነ» የሚል ብቻ መሆኑ አይበቃም። ከጎኑ የተዘራበት ቀን፣ የታጨደበት ቀንና ከአንድ ሜትር ካሬ የተመዘነው ኪሎ ይጻፍ። ሄክታሩ ብቻ ከተጻፈ ፍሬው የተለቀመውም፣ ከብት የበላውም፣ በቀኑ የታጨደውም በአንድ ስም ይቈጠራሉ፤ በሐምሌም ማሽላው ለምን ቢጫ ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ አይገኝም። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ስላለ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢደርሰው የትኛው የላም አተር ዘር በየትኛው ቦይ መቼ እንዳበበ ለይቶ ለማየት ይመቸዋል።

የዘሩ ነገር ይቀራል። ሁሉ በአበባው ከታጨደ የሚመጣው ዓመት ዘር ከወዴት ይመጣል የሚል ጥያቄ ትክክል ነው። ከጥማዱ አሥረኛው እጅ፣ በቦዩ ዳር ውሃ በሚቀርበው በኩል፣ ሳይታጨድ ይተው፤ እርሱም እስከ ሰኔ ይደርሳል። ከዚያ ቁራሽ 20 ኪሎ ያህል ቢገኝ ለሚመጣው በልግ 15ቱ ይበቃል፤ የቀረው ለቤት ነው። የላም አተር ነቀዝ ግን ከማሳው ጀምሮ በፍሬው ላይ እንቁላል ስለሚጥል ዘሩን በተራ ጆንያ ማኖር በጥቂት ወር ውስጥ ቀዳዳ ብቻ ማግኘት ነው። በሚገባ አድርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ውስጥ ማድረግ፣ አፉንም አጥብቆ ማሰር፣ እስከሚዘራበት ቀን ድረስም አለመክፈት ያስፈልጋል።